ጡረታ የሌለው የእጅ ባለሙያ ስለ ገንዘብ ነጻነት፦ ጥያቄና መልስ ከደሴና ኮምቦልቻ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የብየዳ ቤት አለኝ። 38 ዓመቴ ነው። ሥራ ሲኖር ብዙ ብር ይገባል፣ ክረምት ሲሆን ግን ለሱቁ ኪራይ እበደራለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከሚገባው ብር የትኛው ያንተ እንደሆነ ለይ። በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩን በራስህ ቁጥር ተካ። አንድ በርና ሁለት መስኮት በ90,000 ብር ተዋዋልክ፣ 50,000 ቀብድ ተቀበልክ። ላሜራው፣ ቱቦላሬው፣ ማጠፊያው፣ መስታወቱና ቀለሙ 56,000 ፈጀ። ኤሌክትሮድና ዲስክ 3,000፣ የረዳት 7,000፣ ማጓጓዣ 1,500፣ ከሱቅ ኪራይና ከመብራት ለዚህ ሥራ የሚደርሰው 4,500 ነው። ድምሩ 72,000 ሆነ። ከቀረው 18,000 ላይ ለማሽን መተኪያ 2,000፣ ለግብር 1,000 ብታነሳ፣ የላብህ ዋጋ 15,000 ነው። ከ90,000 ያንተ ይህ ብቻ ነው።

ክረምት ላይ የሚያስበድርህ ቀብድ ነው። የአዲሱ ደንበኛ ቀብድ የቀድሞውን ብረት ሲገዛ ሥራ እስካለ ድረስ ጉድለቱ አይታይም። ግንባታው ሐምሌና ነሐሴ ሲቀዛቀዝ አዲስ ቀብድ ይቆማል፣ ጉድጓዱም ያኔ ይወጣል። ለመፈተሽ ደብተር ግለጥ፤ በግራ ገጽ ገና ላላስረከብከው ሥራ የተቀበልከውን ቀብድ፣ በቀኝ ገጽ ለዚያው ሥራ የገዛኸውን ብረት ጻፍ። የግራው ከቀኙ የሚበልጥበት ልዩነት ዛሬ ባንክ ውስጥ መኖር አለበት። ከሌለ የደንበኛ ገንዘብ በልተሃል።

ስለዚህ ለቀብድ የተለየ ሂሳብ ክፈት። ለቤትህ የምትወስደውን ደግሞ በየወሩ አንድ ዓይነት አድርገው፤ መጠኑን በአማካዩ ሳይሆን ባለፈው ዓመት በጣም በደከሙት ሦስት ወራት ገቢ ወስን። የጥሩ ወር ትርፍ እዚያው ይቆይ፣ ክረምቱን የሚያሻግርህ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ብር ሲኖረኝ ነው ሥራ ባቆም የማልቸገረው? አንዳንዱ የዓመት ወጪህን በ25 አባዛው ይላል።

መልስ፦ ያ ስሌት የመጣው የአክሲዮን ገበያቸው ከዋጋ ንረት በላይ ከሚያስገኝባቸው አገሮች ነው፣ እዚህ እንዳለ አይሠራም። ወርሃዊ ወጪህ 18,000 ብር ነው እንበል። በባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ወጪህን ለመሸፈን 3.1 ሚሊዮን ገደማ ያስፈልግሃል። ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ቢጨምር ግን የዛሬው 18,000 በአምስት ዓመት 36,000 ይሆናል፣ ወለዱ ግን ባለበት ይቆማል።

ስለዚህ ግብህን በተቀማጭ ብር አትለካ። ክንድህ ሳይሠራ የሚገባው ገቢ ከወር ወጪህ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ቁጠር፤ ገቢውም ከዋጋ ጋር አብሮ መውጣት የሚችል ይሁን። ካርታ ባለው ግቢህ አራት ክፍል ሠርተህ እያንዳንዱን በ3,000 ብታከራይ 12,000 ነው። ክፍል ባዶ ይቀራል፣ ጣሪያና ቧንቧ ይጠገናል፤ ስለዚህ የ10 ወር ኪራይ ብቻ ቁጠር፣ በወር 10,000 ይደርሳል። ከኪራይ ግብር በፊት ከወጪህ ግማሹን አልፈሃል ማለት ነው። የግንባታ ፈቃድ ሳይዙ የሚሠሩ አሉ፤ ይፍረስ ከተባለ ግን ያጠራቀምከው ሁሉ አብሮ ይፈርሳል።

አስተያየት፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ዕቁብ መግባት ብቻ ይበቃል። እኔ ሁለት ዕቁብ ላይ ነኝ፣ ብር እጄ ላይ አይቆይም።

መልስ፦ ብሩ እጅ ላይ አለመቆየቱ ትክክል ነው፣ የዕቁብ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ነገር ግን 20 ሰው በሳምንት 1,000 ብር ሲጥል በሁለተኛው ሳምንት ዕጣ የወጣለት 2,000 ብቻ ጥሎ 20,000 ብር ወሰደ፤ 18,000ውን ያለወለድ ተበደረ ማለት ነው። በመጨረሻው ሳምንት የደረሰው ግን አበዳሪ ነው፤ በመሃል ብረት ከተወደደ በዚያው 20,000 የሚገዛው ቱቦላሬ ያንሳል። ዕቁብ የሚጠቅመው የሚገዛው ዕቃ ተለይቶ ሲታወቅና ዕጣው ቶሎ ሲወጣ ነው። ለእርጅና የሚሆን ገንዘብ ማስቀመጫ አይደለም፣ ዋስ ያልጠራ ጊዜም ገንዘቡ ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርቼ ነው የወጣሁት፣ አሁን የልብስ ስፌት ላይ ነኝ። ጡረታዬ ስንት ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህ የተነሳው ጡረታ ስለሌለው ሰው ነበር፣ ግን ያንቺም ይመለስ። በግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ወርሃዊ አበል የሚያስገኘው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ስለሆነ ስድስቱ ብቻውን አበል አያመጣም። የጡረታ መለያ ቁጥርሽንና የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ግን አትጣይ፣ ነገ ተመልሰሽ ብትቀጠሪ ይጠቅሙሻል። ለዕቅድሽ ግን እንደሌለ ቁጠሪው።

ጥያቄ፦ ሰላም አለይኩም። ደሴ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ወለድ አልወስድም። ደግሞ እጄ ቢሰበር ማን ያበላኛል?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። ከወለድ ነጻ በሆነው የባንክ አገልግሎት፣ በወዲዓ ሂሳብ ገንዘብህ ይጠበቃል እንጂ አይጨምርም፤ ሙዳራባ ትርፍ ያካፍላል፣ መጠኑ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ኪራይ የሚያስገኝ ንብረት ላንተ ይበልጥ ያስፈልግሃል።

ስለ እጅህ፣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውስጥ ግባ። በ2003 መጨረሻ ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ እዚሁ ጎረቤታችሁ ተሁለደሬ ናት። ምዝገባው በቤተሰብ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ሪፈር ሳትይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ከገባህ ከኪስህ ልትከፍል ትችላለህ። መድኑ የሚከፍለው ሕክምናውን ነው፤ የቀረብህን ገቢ አይተካም፣ እድርም የሚደርሰው ለቀብር ነው። ለዚያ የሦስት ወር የቤት ወጪና የሱቅ ኪራይ በእጅ መኖር አለበት። የተቀማጭ ገንዘብ መድን በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር ስለሚሸፍን፣ ከዚያ ካለፈ በሁለት ባንክ ክፈለው።

አስተያየት፦ ቤት፣ ቤት ትላላችሁ፤ በ2014 ጦርነቱ ሲገባ ማሽንም ቤትም ያለውም ተራቁቷል። እኔ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ነው የገዛሁት።

መልስ፦ ስጋትዎ ልክ ነው። ያን ጊዜ ንብረቱ ሁሉ ሱቁ ውስጥ የነበረ ባለሙያ ከዜሮ ነው የተነሳው፤ ማሽን ብቻ መደርደር ደህንነት አይደለም። አክሲዮኑ በ2017 ጥቅምት መሸጥ ሲጀምር አንዱ 300 ብር፣ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ማለት ነው። ከደሴ ውጭ ያለ ሀብት መሆኑ ጥሩ ነው። ነገር ግን በፈለጉት ቀን በፈለጉት ዋጋ መሸጥ እንደሚችሉ አይቁጠሩ፣ ትርፍ ክፍፍሉም በየዓመቱ ይለያያል። የመጠባበቂያውን ብር አይንኩበት፤ ከዚያ በላይ ባለው ምን ያህሉ ለአክሲዮን፣ ምን ያህሉ ለቤት ይሁን በሚለው ላይ እኔና እርስዎ ላንስማማ እንችላለን።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። ደብተሩን ሠራሁት፤ 41,000 ብር ቀብድ ጎድሎኛል። አሁንስ?

መልስ፦ አዲስ ቀብድ ወስደህ አትሙላው። ከላብህ ዋጋ በየሥራው 5,000 ለጉድለቱ ብትመድብ በዘጠኝ ሥራ ይዘጋል። እስከዚያ ቀብድ ስትቀበል ከደንበኛው ጋር ሆነህ ብረቱን በዚያው ቀን ግዛ፣ ደረሰኙንም በእሱ ስም አስጽፍ። የቤት ክፍሉን ሐሳብ ጉድለቱ ሳይዘጋ አትጀምር።