«ከ x አንጻር» የምትለው ሐረግ ስትዘለል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አራት ኪሎ አካባቢ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የማስረዳው በአማርኛ ነው። «ኢምፕሊሲት ዲፈረንሺየሽን»ን «ስውር ልዩነት» እለዋለሁ፤ ያስኬዳል? ደግሞ «y² ዲፈረንሺየት ሲደረግ 2y ይሆናል» ብዬ አስተምሬ ክብ ላይ ስንደርስ «ታዲያ ይሄ dy/dx ከየት መጣ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልነሣ፤ የመጀመሪያውም መልስ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና። ተማሪዎችዎ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። «y² ዲፈረንሺየት ሲደረግ 2y ይሆናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሰዋስዉ ቢሟላም ሐሳቡ ጎዶሎ ነው። «እሷ ታናሽ ናት» ሲባል «የማን ታናሽ?» እንደምንለው ሁሉ፣ ዴሪቬቲቭም «ከምን አንጻር?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። y² ከ y አንጻር ዲፈረንሺየት ሲደረግ 2y ነው። ከ x አንጻር ሲደረግ ግን 2y·dy/dx ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የተለያየ ጥያቄ ነው የሚመልሱት።

ሐረጉን መዝለል የለመድነው እንደ y = x² ባሉት ቀላል ጥያቄዎች ነው። እዚያ በቀኝ በኩል ያለው ተለዋዋጭ x ብቻ ስለሆነ «ከ x አንጻር» ባይባልም ማንም አይሳሳትም። የክብ እኩልታ ላይ ግን x እና y ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ያልተነገረው ሐረግ የሚያሳስተው ያኔ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ቀላሉም ላይ ቢሆን፣ «ከ x አንጻር» የሚለውን ሳይጠሩ እንዳያልፉ አጥብቄ እመክራለሁ።

dy/dx ከየት እንደመጣ ለማሳየት ደግሞ ከደንቡ በፊት ቁጥር ያስቀድሙ። ክቡ x² + y² = 25፣ ነጥቡ (3, 4) ይሁን። መጀመሪያ ነጥቡ ክቡ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ 9 + 16 = 25፣ ልክ ነው። አሁን በክቡ መስመር ላይ ትንሽ እንራመድና x በ0.01 ይጨምር። x² በግምት በ2 × 3 × 0.01፣ ማለትም በ0.06 ያድጋል። ድምሩ ግን 25 ሆኖ መቆየት አለበት፤ አለዚያ ከክቡ ወጥተናል። ስለዚህ y² በ0.06 መቀነስ ይኖርበታል። y በስንት ቢለወጥ ነው y² በዚህን ያህል የሚቀንሰው? y² የሚለወጠው y ከተለወጠችው 2 × 4፣ ማለትም 8 እጥፍ ነው። ስለዚህ y በ0.0075 መቀነስ አለባት። የ y ለውጥ ለ x ለውጥ ሲካፈል −0.0075 ÷ 0.01 = −0.75 ይሆናል። የታካኪው መስመር ስሎፕ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪው የሚያየው፣ x ሲነካ y ዝም ብላ እንደማትቀመጥ ነው። 2y ብቻ ብሎ ማቆም «y አንድ ብትንቀሳቀስ» ማለት ነው፤ የተንቀሳቀሰው ግን x ነው፣ y የተንቀሳቀሰችው እሱን ተከትላ ነው። dy/dx ምን ያህል እንደተከተለችው የሚናገረው ቁጥር ነው። ከየትም አልመጣም፤ መጀመሪያውኑ የምንፈልገው መልስ እሱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ደንቡን በፊደል መጻፍ ቀላል ነው። የእኩልታውን ሁለቱንም ወገን ከ x አንጻር ዲፈረንሺየት እናደርጋለን፤

2x + 2y·dy/dx = 0

በቀኝ በኩል ያለው 25 ቋሚ ስለሆነ ዴሪቬቲቩ 0 ነው። ግራውን ሠርተው ቀኙን 25 እንዳለ የሚተዉ ተማሪዎች አይጠፉም፤ እነዚህ በ(3, 4) ላይ 19/8 ያገኛሉ፣ እንዲህ ዓይነት መልስ ካዩ ስሕተቱ የት እንዳለ ወዲያው ያውቃሉ። ከዚያ dy/dxን ለብቻው ስናወጣ

dy/dx = −x/y

ይመጣል፤ x = 3 እና y = 4 ስናስገባ −3/4፣ ቀድሞ በቁጥር ያገኘነው −0.75 ነው። ሬዲየሱ ከ(0, 0) ወደ (3, 4) ሲሄድ ስሎፑ 4/3 ስለሆነ ሁለቱ ሲባዙ −1 ይሰጣሉ። ታካኪው ለሬዲየሱ ቀጤ ነክ መሆኑን ተማሪዎቹ ከጂኦሜትሪ ያውቁታልና ይህ ጥሩ ማረጋገጫ ነው።

አሁን ወደ «ስውር ልዩነት» ልምጣ። «ስውር»ን ይያዙት፣ «ልዩነት»ን ግን ይተዉት። ልዩነት በአማርኛ ሒሳብ የመቀነስ ውጤት ነው፤ ተማሪው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የ9 እና የ4 ልዩነት 5 ነው ሲል ኖሯል። ያንኑ ቃል ለዴሪቬቲቭ ስንሰጠው በአንድ ስም ሁለት ነገር ጠራን ማለት ነው። «ልየታ» የሚሉም አሉ፤ እሱም ከመለየት፣ ከመነጠል የወጣ ስለሆነ ስለ ለውጥ የሚናገረው ነገር የለም። እኔ «ዴሪቬቲቭ» እና «ዲፈረንሺየት ማድረግ» እንዳሉ ቢቀሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

«ስውር» ግን ይሠራል፣ የተሰወረው ምን እንደሆነ በትክክል ከተነገረ። y አልተሰወረችም፤ እኩልታው ውስጥ በግልጽ ተጽፋለች። የተሰወረው በ x ላይ ጥገኛ መሆኗ ነው። የአማርኛ ግስ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። «እሱ መጣ» ስንል ባለቤቱ በግልጽ ተነግሯል። «መጣ» ብቻ ስንል «እሱ» አልተጻፈም፣ ግን ግሱ ውስጥ አለ፤ ማንም «እሷ ናት» ብሎ አይረዳውም። y = √(25 − x²) «እሱ መጣ» ነው፤ x² + y² = 25 ደግሞ «መጣ» ነው። y በ x መታሰሯ አልተጻፈም፣ ግን አለ፤ ዲፈረንሺየት ስናደርግ dy/dx ሆኖ ይወጣል። ላይብኒትስ በ1684 ያሳተመው የ d ምልክት ለዚህ የሚመች ነው፤ ታችኛው dx «ከ x አንጻር» የሚለውን ሐረግ ራሱ ይዞታል። y′ ብለን ስንጽፍ ግን ሐረጉ እንደገና ይሰወራል። ለጀማሪ dy/dx የተሻለ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ስሎፕም አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። በተለምዶ ንግግራችን ዳገትና ቁልቁለት በሂያጁ አቅጣጫ ይወሰናሉ። የቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ለሚወርድ ቁልቁለት ነው፣ ከለገሃር ለሚመለስ ደግሞ ዳገት። መንገዱ ያው አንድ ነው። በሒሳብ ግን አቅጣጫው አስቀድሞ ተወስኗል፤ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምንሄደው። ከግራ ወደ ቀኝ ስንሄድ ዳገት ከሆነ ስሎፑ ፖዘቲቭ፣ ቁልቁለት ከሆነ ኔጋቲቭ ነው። (3, 4) ላይ ቁልቁለት ነው፣ −3/4። በዚያው x ክቡ ሌላ ነጥብ አለው፣ (3, −4)፤ እዚያ ዳገት ነው፣ 3/4። ስለዚህ «x = 3 ላይ ያለው ስሎፕ» የሚለው አነጋገርም ጎዶሎ ነው። ነጥቡ በሁለቱም ቁጥሮች መጠራት አለበት።

ኢሊፕስ ላይ አሠራሩ ያው ነው። («ሞላላ» የሚለው ቃላችን እንቁላልንም ስለሚጨምር ለትክክለኛው ቅርጽ «ኢሊፕስ» ቢባል ይሻላል።) 4x² + 9y² = 72ን እንውሰድ፣ ነጥቡ (3, 2)። 36 + 36 = 72፤ ነጥቡ መስመሩ ላይ ነው። ከ x አንጻር፤

8x + 18y·dy/dx = 0

dy/dx = −4x/(9y)

በነጥቡ ላይ −12/18፣ ማለትም −2/3። የታካኪው መስመር እኩልታ 2x + 3y = 12 ይሆናል።

እዚህ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። ክቡ ላይ የሠራውን የሬዲየስ ማረጋገጫ ኢሊፕስ ላይ ይሞክሩታል። ከመሐል ወደ (3, 2) የሚሄደው መስመር ስሎፑ 2/3 ነው፤ ከ−2/3 ጋር ሲባዛ −4/9 እንጂ −1 አይሰጥም። ልጁ ልክ ሠርቶ ሳለ ተሳሳትኩ ብሎ ይሰርዘዋል። ታካኪው ከመሐል ለሚመጣው መስመር በየነጥቡ ቀጤ ነክ የሚሆነው ክብ ላይ ብቻ ነው፤ ኢሊፕስ ላይ ይህ የሚሆነው አራቱ ጫፎች ላይ ነው። ለኢሊፕስ የሚሆነው ማረጋገጫ በሁለት አጎራባች ነጥቦች መለካት ነው። x = 2.9 ሲሆን የላይኛው y ወደ 2.065፣ x = 3.1 ሲሆን ወደ 1.931 ነው። −0.134 ለ0.2 ሲካፈል −0.67 ይሰጣል፣ ይህም ከ−2/3 ጋር ይስማማል።

ነጥቡ መስመሩ ላይ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥን ደጋግሜ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የክቡ ቀመር −x/y ለ(3, 3) ቢጠየቅ −1 ብሎ ይመልሳል፤ 9 + 9 ግን 18 ነው፣ ነጥቡም ከክቡ ውስጥ ነው። ቀመሩ ውስጥ 25 ስለሌለ ስሕተቱን የሚያስታውስ ነገር የለም። የሰጠው ስሎፕ በዚያ ነጥብ የሚያልፈው የሌላ ክብ፣ የ x² + y² = 18 ነው።

በመጨረሻም «የለውም» የሚለውን ቃል ይጠንቀቁት። ሰው «ይሄ መንገድ ዳገት የለውም» ሲል ሜዳ ነው ማለቱ ነው። በሒሳብ ሜዳ የሆነው ቦታ (0, 5) ነው፤ −0/5 = 0። እዚያ ስሎፕ አለ፣ ዜሮ የሚባል ስሎፕ። (5, 0) ላይ ግን −5ን ለ0 ማካፈል ይመጣል፤ ታካኪው ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ስሎፕም የለውም። ተማሪው የመንገዱን ቋንቋ ይዞ ስለሚመጣ «ስሎፕ የለውም»ን ሲሰማ 0 ብሎ ይጽፋል። ለመጀመሪያው «ስሎፑ ዜሮ ነው»፣ ለሁለተኛው «ስሎፑ አይወሰንም፣ ታካኪው x = 5 ነው» ብለው ለይተው ያስተምሯቸው።