«እንደ አምናው አልተስፋፋም» ሲባል አምና ምን ሆኖ ነበር?

«ጤና ይስጥልኝ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቄ ባሕር ዳር ውስጥ ለትርጉም ሥራ ተወዳድሬ ነበር። ጥር ላይ የታተመ ዜና ተሰጥቶኝ ‹እምቦጭ በጣና ላይ እንደ አምናው አልተስፋፋም› የሚለውን ርዕሱን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። ትርጉሙ ስሕተት ነው ተባልኩ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ለሚቀጥለው ፈተናስ ምን ላጥና?»

እኅቴ፣ ያ ርዕስ ሁለት ተቃራኒ ወሬ ይዟል። አንዱ «አምና አረሙ ሐይቁን ወርሮት ነበር፤ ዘንድሮ ግን ያን ያህል አይደለም» ይላል። ሌላው «አምናም አልተስፋፋም፣ ዘንድሮም አልተስፋፋም» ይላል። «እንደ» አሉታዊ ግሥ ሲከተለው እንዲህ ያደርጋል። ስንናገር ድምፃችን ይለየዋል፤ በኅትመት ላይ ግን የሚለየው የለም። ጥንቁቅ የእንግሊዝኛ ርዕስ ደግሞ «አዝ» ወይም «አንላይክ» ብሎ መምረጥ አለበት።

እኔ የምለየው ቃል በመተካት ነው። በ«እንደ አምናው» ፈንታ መጀመሪያ «የአምናውን ያህል»፣ ቀጥሎ «እንደ አምናው ሁሉ» ብለሽ አንብቢውና ከዜናው ዝርዝር ጋር የሚስማማውን ያዢ። ዝርዝሩ አምና ብዙ ሄክታር ተሸፍኖ እንደነበር ከጻፈ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ «አምና» ራሱ ነው። ዜናው ጥር 2013 ላይ ታትሞ ቢሆን አምና ማለት 2012 ነው። እምቦጭ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ ንጽጽሩ ከጥቅምት 2012 ጋር ነው፤ በፈረንጆች ኦክቶበር 2019 መሆኑ ነው። በዚያው ጥር «ላስት ይር» ብለሽ ብትጽፊ ግን አንባቢው 2020ን ይረዳል፤ የ2020 ኦክቶበር ደግሞ የእኛው የዘንድሮ ጥቅምት ነው! ስለዚህ ዓመቱን በቁጥር ጻፊው።

ከቃላቱ ደግሞ እምቦጭን «አረም» ብቻ ብለሽ አትተርጉሚው፤ ስሙ «ዋተር ሃያሲንዝ» ነው። መነሻው የአማዞን ተፋሰስ ሲሆን ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በፈረንጆች 2011 ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ግን የሐይቁ የራሱ ተክል ነውና «ፓፒረስ» በይው፤ ሁለቱን ማምታታት ዜናውን ያበላሸዋል። ከሁሉ አብልጠሽ «ነቀለ» እና «አጠፋ» የሚሉትን ለዪ። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው፣ ጥቁር ፀጉር የመሰለ ሥሩ ውኃ እያንጠባጠበ ጎትተው ይከምሩታል። ክምሩ ለውኃው ከቀረበ ሐይቁ ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ «ተነቀለ» የሚለውን «ኢራዲኬትድ» ብለሽ አትመልሺው፤ «ሪሙቭድ» ይበቃዋል።

በሚቀጥለው ፈተና ርዕሱ ብቻ ተሰጥቶሽ ዝርዝሩ ከሌለ ሁለቱንም ትርጉም ጻፊና ከሥሩ «አምና ተስፋፍቶ ነበር ወይ? አዘጋጁ ይጠየቅ» የሚል አንድ መስመር ጨምሪበት። ፈታኝ ሳለሁ እንዲህ የጻፈ ተወዳዳሪ ጥዬ አላውቅም።