የፎቶ መግለጫ ለቴሌግራም እና ለኤክስ

«የእንጅባራን ፈረሰኞች ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። መግለጫውን ኤክስ ላይ ስገለብጠው ግን 280 ሳይሞላ በዛ ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ኤክስ አንዱን የአማርኛ ፊደል እንደ ሁለት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ያለህ 140 ፊደል ገደማ ነው። ቴሌግራም ከፎቶ ጋር በነጻ እስከ 1024 ይፈቅዳል።

ረጅሙን አትቆራርጠው፤ ለኤክስ እንደ አዲስ ጻፍ። የቴሌግራም ተከታዮችህ የጎጃም ሰዎች ከሆኑ «ጥር 23፣ እንጅባራ» ካልክ ገብቷቸዋል። የቀረውን ቦታ ለፈረሶቹ ጌጥ ስጠው። ኤክስ ላይ አገሩን የማያውቅ ሰውም ስለሚያየው እንዲህ በለው፦ «የአገው ፈረሰኞች ዓመታዊ በዓል። እንጅባራ፣ ጎጃም፣ ኢትዮጵያ። ጥር 23» ብለህ ዓመተ ምህረቱን ጨምርበት።

ዓመቱን እንዳትረሳ! እኔ አንዴ ከጭራው ስቆርጥ አብሮ ሄደ። የአምናው ፎቶ የዘንድሮ መስሎ፣ «ዛሬ ነው እንዴ?» እያሉ ሲደውሉልኝ ዋሉ።