«ሠራን» ሳይሆን «ሠራሁ»

ውድ ወጣቶች፣

ለብዙ ዓመታት የሥራ ቃለ መጠይቅ ከሚያደርጉት ወገን ተቀምጫለሁ። «ሥራ ላይ የገጠመህን ችግር እንዴት እንደፈታህ ንገረን» ስንል ብዙዎች «እኔ ችግር ፈቺ ነኝ» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ግን የጠየቅነው ስለ ጠባያቸው አይደለም። አንድ ቀን በእርግጥ የሆነ ነገር ንገሩን ነው ያልነው።

ለዚህ የሚያግዘው ስታር የሚባለው ዘዴ ነው፦ ሁኔታው፣ የእናንተ ኃላፊነት፣ የወሰዳችሁት እርምጃ፣ ውጤቱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በግማሽ ደቂቃ ጨርሷቸው። ነገሩ ያለው እርምጃው ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚያው ነው።

አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ አመልካች «ቆጠራና መዝገብ አልገጥም ብሎን ነበር፤ ተባብረን ፈታነው» አለች። ከዚህ መልስ ማስታወሻዬ ላይ የምጽፈው ነገር የለም። «አንቺ ራስሽ ምን አደረግሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ያኔ እውነተኛው ታሪክ መጣ። የሦስት ወር የዕቃ ወጪ ሰነዶችን አውጥታ፣ ልዩነቱ የሰፋባቸውን ዕቃዎች ብቻ ለይታ አየች። አብዛኛው ልዩነት የማታ ፈረቃ ላይ ሆኖ ተገኘ። ማታ ዕቃው ቀድሞ ይወጣል፣ ሰነዱ የሚጻፈው ጠዋት ነው። የፈረቃውን ኃላፊ ስታነጋግረው «ሰነድ እየጻፍን መኪና ልናቆም ነው?» አላት። ስለዚህ በር ላይ አንድ ደብተር እንዲቀመጥና የዕቃው ስምና ብዛት ብቻ ተጽፎ እንዲፈረም ሐሳብ አቀረበች። በሚቀጥለው ቆጠራ መዝገቡ ካልገጠመላቸው 40 ዕቃዎች የቀሩት 6 ብቻ ነበሩ። የእነሱም ልዩነት የመጣው አንዱ ሠራተኛ በካርቶን፣ ሌላው በፍሬ ስለሚቆጥር ነበር።

ልዩነቱን አያችሁ? ለምን ማታ ፈረቃ ላይ እንዳተኮረች፣ ተቃውሞ ሲገጥማት ምን እንዳደረገች አወቅን። ያልተፈታውንም ስለነገረችን የቀረውን ይበልጥ አመንናት።

ስለ ራስ ማውራት እንደ ጉራ እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። የባልደረቦቻችሁን ድርሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱ፣ ከዚያ ግሱን ወደ ራሳችሁ መልሱት፦ አየሁ፣ ጠየቅሁ፣ ወሰንኩ። የፈጠራ ታሪክ ግን አትሞክሩ። «ኃላፊው ምን አለሽ? ለምን ሌላውን መንገድ አልመረጥሽም?» ሲባል፣ ያልኖረበት ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይጠፋበታል።

አምስት ስድስት ታሪክ አዘጋጁ፤ አንዱ ታሪክ ለብዙ ጥያቄ ይሆናል። ቃል በቃል አትሸምድዱ፣ ነጥብ ነጥቡን ብቻ ያዙ። ጮክ ብላችሁ ስትናገሩት ከሁለት ደቂቃ ብዙ ካለፈ የሚቆረጠው መግቢያው ነው። ቁጥሮቹን ደግሞ አሁን፣ ሥራው ላይ እያላችሁ ጻፏቸው። መሥሪያ ቤቱን ከለቀቃችሁ በኋላ መዝገቡን የሚያሳያችሁ የለም።