ዴድሊፍት ላይ ትንፋሽ መያዝና ማዞር

«ደሴ ጂም እሠራለሁ። ዴድሊፍት 5 ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ሳነሳ መጨረሻ ላይ ያዞረኛል። መያዙን ልተወው?»

አትተወው ወንድሜ። ግን ለአምስቱም አንድ ትንፋሽ አይበቃም፤ ደሴ ከፍታ ላይ ደግሞ ጭራሽ!

አውራ ጣቶችህን ከጎድን አጥንትህ በታች ጎንና ጎንህ ላይ አድርግ። አየር ወደ ሆድህ ስትስብ ጣቶችህ ወደ ውጭ መገፋት አለባቸው። ሆድህ ወደ ፊት ብቻ ከተነፋ ገና ነህ። ከዚያ ቡጢ ሊያርፍብህ እንደሆነ ሁሉ ሆድህን አጥብቅና ጉሮሮህን ዘግተህ አንሳ። ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ወገብህ እንዳይጎብጥ ይደግፈዋል።

የሚያዞርህም ይኸው ግፊት ነው። ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንሳል። የደም ግፊትህ ስታነሳ ሽቅብ ይወጣል፣ ትንፋሹን ስትለቅ ድንገት ይወርዳል፤ ያኔ ጭንቅላትህ ለአፍታ ደም ያጥረዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ በሁለት እግራቸው ከባድ ክብደት ሲገፉ የተለኩ ስፖርተኞች አማካይ ግፊታቸው 320/250 ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ብረቱ መሬት በነካ ቁጥር ተንፍስና እንደገና ሞልተህ አጥብቅ። ላይ ቆመህ ሙሉውን አትልቀቅ። ዓይንህ ብዥ ካለ ብረቱን አውርደህ ቁጭ በል። ለቀላል ክብደት መያዝ አያስፈልግም፤ ስታነሳ እያስወጣህ ሥራ። ደም ግፊት፣ ቡአ ወይም የዓይን ሬቲና ችግር ካለብህ ግን መጀመሪያ ሐኪም አማክር።