«በተጨማሪም»ን በምን እንተካው?

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ስጽፍ በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ «በተጨማሪም» ወይም «ከዚህም ባሻገር» እላለሁ። ሳወራ ግን አንዱም ከአፌ አይወጣም። በምን ልተካቸው?

መልስ፦ በሌላ ቃል ከተኳቸው ለውጥ የለውም። «በተጨማሪም» ወጥቶ «እንዲሁም» ይገባል፣ በቃ። ስናወራ ማያያዣውን ብዙ ጊዜ መሀል ነው የምናስገባው፤ አለዚያም ስሙ ወይም ግሡ ላይ እንለጥፈዋለን።

«ም»ን እና «ደግሞ»ን ይመልከቱ። ሁለቱም ይጨምራሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። «ወንድሜ ሐኪም ነው፤ እኔም ሐኪም ነኝ» እንላለን። መምህር ከሆንኩ ግን «እኔ ደግሞ መምህር ነኝ» ነው የምለው። እዚህ ላይ «እኔም መምህር ነኝ» ብል ሰሚው «ሌላው መምህር ማነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ያው ነገር ሲደገም «ም»፣ ወደ ሌላ ስንዞር «ደግሞ»። «በተጨማሪም» ይህን ልዩነት ይውጠዋል። «ደግሞ»ን ታዲያ ከሚያነሱት ነገር ቀጥሎ ያስገቡት። ፊት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቁጣ ቁጣ ይላል፦ «ደሞ አርፍደህ መጣህ!»

አሁን እንዲህ ያለ ሪፖርት እንውሰድ፦

«ዋናው የውኃ መስመር ተሰብሯል። በተጨማሪም መንገዱ በውኃ ተጥለቅልቋል። ከዚህም ባሻገር መኪና ማለፍ አልቻለም። በተጨማሪም ጠጋኞች አልመጡም።»

ጎረቤትዎ «ምን ተፈጠረ?» ቢልዎት ግን እንዲህ ነው የሚሉት፦

«ዋናው መስመር ተሰብሮ መንገዱ በውኃ ተጥለቀለቀ፤ መኪና እንኳ ማለፍ አልቻለም። ጠጋኞቹ ደግሞ እስካሁን አልመጡም።»

የመጀመሪያው አራቱን ነገሮች እኩል ደርድሯቸዋል። መንገዱ የተጥለቀለቀው መስመሩ ስለተሰበረ መሆኑን እንኳ አይናገርም። በሁለተኛው «ተሰብሮ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር አሰረው። «እንኳ» የችግሩን ክብደት አሳየ። «ደግሞ» ከአደጋው ወደ ጠጋኞቹ አዞረን። ስለዚህ «በተጨማሪም» ብለው ሊጽፉ ሲሉ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ፦ ሁለተኛው ነገር የመጣው ከመጀመሪያው ነው? ከእሱ ይብሳል? ወይስ ሌላ ወሬ ነው? የሚብስ ከሆነ «እንዲያውም»ም አለልዎት።

ቦዝ አንቀጽ ሲበዛ ግን ያደክማል። «ኃላፊው ሠራተኛውን አነጋግሮ፣ ቢሮ ገብቶ፣ ደብዳቤ ጽፎ፣ ወደ ክፍለ ከተማ ሄዶ…» እያሉ ከቀጠሉ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ይጠፋል፤ ኃላፊው ነው ሠራተኛው? ሁለቱም «እሱ» ናቸውና ግሡ አይለያቸውም። ሁለት ሦስት ከሆነ በአራት ነጥብ ይዝጉና «ከዚያ» ብለው ይቀጥሉ።

«በተጨማሪም»ን ጨርሰው አይጣሉት። «ተከራዩ ኪራዩን በየወሩ ይከፍላል። በተጨማሪም የመብራትና የውኃ ወጪ ይሸፍናል» በሚል ውል ውስጥ ቦታው ነው። እዚያ በእርግጥም በአንድ ግዴታ ላይ ሌላ ግዴታ ተጨምሯል።