ኢጂኤፍአር 46 ሲባል፦ ደረጃ 3 ላይ ያለን ኩላሊት ስለ መጠበቅ

ጥያቄ፦ «አባቴ 60 ዓመቱ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለበት። ኮምቦልቻ ስናስመረምረው ክሪያቲኒን 1.7፣ ኢጂኤፍአር 46 ወጣ፤ ደረጃ 3 ነው አሉን። ኩላሊቱ 46 በመቶ ብቻ ቀረ ማለት ነው? እጥበት ውስጥ ሊገባ ነው? ቤት ውስጥስ ምን እናድርግለት?»

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ደሴ እየኖርኩ፣ ኮምቦልቻ ያለችውን ታላቅ እህቴን በዚሁ ሕመም ለዓመታት ሳስታምም ከሐኪሞቿ የተማርኩትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፍልዎ።

ክሪያቲኒን ጡንቻ በየዕለቱ የሚያመርተው፣ ኩላሊትም በሽንት የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው። ላቦራቶሪው ከደም የሚለካው እሱን ነው። ኢጂኤፍአር ግን የተለካ ነገር ሳይሆን፣ ከክሪያቲኒኑ፣ ከዕድሜና ከጾታ በቀመር የሚሰላ ግምት ነው፤ ኩላሊቶቹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሚሊሊትር እንደሚያጣሩ ይነግረናል። ጤነኛ ወጣት ከ100 እስከ 120 አካባቢ ያጣራል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ያለ ምንም በሽታ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ስለዚህ 46ን እንደ መቶኛ ማሰብ ለግርድፍ ግንዛቤ ያህል ይሆናል እንጂ ትክክለኛ ትርጉሙ አይደለም። ግምት መሆኑን ለማየት ያህል፣ የአባትዎ እኩያ የሆነች ሴት ያንኑ 1.7 ቢኖራት ኢጂኤፍአሯ ወደ 34 ይወርዳል፤ ሴቶች በአማካይ ያላቸው ጡንቻ አነስተኛ ስለሆነ ያው ክሪያቲኒን በእነሱ ላይ የከፋ ነገር ያመለክታልና።

ደረጃዎቹ በዚሁ ቁጥር የተከፈሉ ናቸው። ኢጂኤፍአሩ 60ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደረጃ 1 ወይም 2 የሚባለው ሌላ የጉዳት ምልክት፣ ለምሳሌ በሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝበት ብቻ ነው። ከ45 እስከ 59 ያለው 3ሀ፣ ከ30 እስከ 44 ያለው 3ለ፣ ከ15 እስከ 29 ያለው ደረጃ 4፣ ከ15 በታች ደግሞ ደረጃ 5 ይባላል። አባትዎ 3ሀ ውስጥ ቢሆኑም ድንበሩ ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ምርመራ ክሪያቲኒኑ 1.8 ቢሆን ኢጂኤፍአሩ 43 ይወጣና «ወደ 3ለ ወረዱ» ይባላል፤ ይሁን እንጂ የ0.1 ልዩነት በዋዜማው ሥጋ በብዛት በመብላት ወይም ውሃ ሳይጠጡ በመዋል ጭምር ሊመጣ የሚችል ነው። ሕመሙ ሥር የሰደደ ነው የሚባለውም ጉዳቱ ቢያንስ ለ3 ወር መቆየቱ ሲረጋገጥ ነው። የቀድሞ የምርመራ ወረቀት ካለዎት ይፈልጉት፤ ከሌለዎት ምርመራውን በዚያው ላቦራቶሪ ቢያስደግሙት ይመረጣል።

እጥበት አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ደረጃ 5 ላይ ሲደረስ ነው፤ ያኔም ቢሆን የሕመምተኛው ስሜትና ሌሎች የደም ውጤቶች ታይተው ነው። ደረጃ 3 ላይ ካሉት ብዙዎቹ እዚያ አይደርሱም። አባትዎ የትኛው መንገድ ላይ እንዳሉ ከ46ቱ ይልቅ የሚነግርዎት የሽንት አልቡሚን ምርመራ፣ ማለትም አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በሽንት ምን ያህል እንደሚወጣ የሚያሳየው ነው፤ ጥያቄዎ ውስጥ ስላላየሁት ያላሠሩ ይመስለኛል። ውጤቱ ለአንድ ግራም ክሪያቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ300 በላይ ከሆነ ግን ኩላሊቱ በፍጥነት የመውረድ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል 46 ይዘው፣ አንዱ ለብዙ ዓመታት እዚያው ሊቆይ፣ ሌላው ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊወርድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። በ62 ዓመቷ ክሪያቲኒኗ 1.4፣ ኢጂኤፍአሯ 43 ነበር። ለግፊቷ ኢናላፕሪልና የሚያሸና ክኒን፣ ማለትም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ትወስዳለች። በአንድ ክረምት ጉልበቷን አሟት ዳይክሎፌናክ እየወሰደች ሳለ ተቅማጥና ትውከት ያዛት፤ ክኒኖቿንም ሁሉ ሳታቋርጥ ቀጠለች። ሽንቷ ሲቀንስና ስትቆም ሲያዞራት ወስደን ስናስመረምራት ክሪያቲኒኑ 2.3፣ ኢጂኤፍአሩ 23 ሆኖ ተገኘ። በወረቀቱ ብንሄድ ደረጃ 4 ነበር፤ ሐኪሙ ግን ክሪያቲኒን በቀናት ውስጥ በሚዋዥቅበት ጊዜ ቀመሩ እንደማይሠራ፣ ደረጃም እንደማይሰጥበት አስረዳን። ፈሳሽ ተሰጣት፣ ዳይክሎፌናኩ ቆመ፣ የግፊት ክኒኖቿም ለጊዜው እንዲቆሙ ተደረገ። ከሳምንታት በኋላ 1.5 ገባ፤ ኢጂኤፍአሩም 39 ሆነ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሰውነት ውሃ ሲያልቅ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደም የሚያስገባውን ቀጭን ቧንቧ ያጠብባሉ፤ ኢናላፕሪል የሚያስወጣውን ያሰፋል፤ የሚያሸናው ክኒን ደግሞ ውሃውን ይብሱን ያስወጣል። ሦስቱ መድኃኒቶች በአንድ ላይ ሲገጥሙ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል። በእኔ ግምት ቤተሰብ ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ይህ እንዳይገጥም መጠበቅ ነው። ለሕመም ማስታገሻ ፋርማሲ በሚሄዱበት ጊዜ ሁሉ «ኩላሊት አለበት» ብለው ይናገሩ፤ ፓራሲታሞል በልኩ ከተወሰደ የተሻለ ነው። በተቅማጥ ወይም በትውከት ቀን የትኞቹ ክኒኖች እንደሚቆሙና መቼ እንደሚቀጥሉ ሐኪሙ አስቀድሞ በወረቀት ቢጽፍልዎ መልካም ነው፤ ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ እሱንም ይጠይቁ፤ ኢጂኤፍአር ከ45 ሲወርድ መጠኑ እንደገና ይታያል፣ ከ30 ሲወርድ ይቆማል።

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ «ኢናላፕሪል ኩላሊት ይጎዳል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ መድኃኒቱን የተዉም አውቃለሁ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በተለይ ስኳርና የሽንት አልቡሚን ላለበት ሰው፣ በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ከልክ ያለፈ ግፊት እያበረደ ኩላሊቱን ለዓመታት የሚጠብቅ መድኃኒት ነው። ሲጀመር ክሪያቲኒን እስከ 30 በመቶ ሊጨምር ይችላል፤ በአባትዎ ቁጥር ከ1.7 ወደ 2.2 ገደማ ማለት ነው፤ ይህም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ተለክቶ በሐኪም የሚታይ እንጂ በራስ የሚቆም አይደለም።

ቤት ውስጥ ከሁሉ በላይ የምንታገለው ከጨው ጋር ነው። የቀኑ ልክ 5 ግራም፣ ለጥ ያለች አንድ የሻይ ማንኪያ ናት፤ የእኛ ሽሮና በርበሬ ግን ገና ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋል። እህቴ ለራሷ ጨው ያልገባበት ሽሮና በርበሬ ታስፈጫለች፤ ወጡን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ ታጣፍጠዋለች። ፖታሲየም ያለበት «የጨው ምትክ» የሚባለው ግን እንዲህ ላለ ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ይቅር። ሙዝና ድንች ይከልከል የሚባለውም የደም ፖታሲየም ከፍ ብሎ ሲገኝ እንጂ ለሁሉም አይደለም። ሥጋ በልክ ይሁን፤ ምስርና ሽሮ አይከለከሉም። ውሃ በጥማቱ ልክ ይጠጡ፤ ኩላሊት «ይታጠባል» ተብሎ ሊትር በሊትር መጨመር የሚያመጣው ጥቅም የለም። ረመዳንም ሆነ ሌላ ውሃ የሚከለክል ጾም ሲመጣ፣ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። የሥራ ሥርና የቅጠል መድኃኒት፣ በተለይ ምንነቱ ያልታወቀ ድብልቅ፣ ቤታችን አይገባም።

ግፊቱን ቤት ውስጥ ይለኩ፤ 5 ደቂቃ አርፈው ከተቀመጡ በኋላ፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ተደግፎ። ለእህቴ የተሰጣት ግብ ከ130/80 በታች ነው፤ የአባትዎን ሐኪሙ ይወስናል። ለሚቀጥለው ቀጠሮ የግፊቱን መዝገብ፣ ያሉትን የክሪያቲኒን ውጤቶች በቀን ቅደም ተከተል፣ የሚወስዷቸውንም መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ፤ የሽንት አልቡሚን ምርመራውንም ያኔ ይጠይቁ።